ብቻውን የሚሮጥ ድምፅ

የፕሮፌሰር ዴዝሞንድ ሃርዊክ እጅ በረዶ ሆኖ ነበር። በሐምሌ ብርድ፣ በደሴቲቱ ከተማ በሎንሴስተን፣ እጁ የማይቀዘቅዝ ሰው የለም፤ የሽማግሌ እጅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዶክተር ፊሊፓ ቲርኒ ሞቅ ያለ ውሃ በሰፊ ሳህን አቅርባ ሁለቱንም እጆቻቸውን ነከረቻቸው። የቀዘቀዘ ነርቭ ዘገምተኛ ነው፤ ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ያስመስለዋል። ይህን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፣ እዚችው ክፍል ውስጥ፣ እሷ ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለች።

«የእጄ ሙቀት ስንት ደረሰ?» አሉ ሽማግሌው።

«ሃያ ስምንት።»

«ሠላሳ ሁለት ሳይሞላ እንዳትጀምሪ።»

«ፕሮፌሰር፣ ዛሬ በሽተኛ ነዎት። በሽተኛ ደግሞ ዝም ብሎ ይተኛል።»

«የሰነፈው እጅና እግሬ ነው። አፌ መቼ ታመመ?»

ፊሊፓ ሳቀች። ግን እሳቸው ስለ አፋቸው የቀለዱት በከንቱ እንዳልሆነ ታውቃለች። ትናንት በስልክ ሲያወሩ አንዳንዱ ቃል ተኮላትፎ ነበር የወጣው። ጥርሳቸውን አውልቀው ይሆናል ብላ ራሷን አታላለች።

ሃርዊክ በጡረታ እስኪወጡ ድረስ የዚህች ደሴት የነርቭ ሐኪም ሁሉ መርፌ አያያዝን የተማረው ከእሳቸው ነው። ቁጡ ነበሩ። ተማሪ ሲሳሳት በበሽተኛው ፊት ያሸማቅቁታል፤ ማታ ደግሞ ጠርተው ቢራ ይጋብዙታል። አሁን ሸሚዛቸውን መቆለፍ አቅቷቸዋል። ቁልፍ በር ላይ መዞር እምቢ ካላቸው ዓመት ሊሞላ ነው። ቀኝ ጭናቸው ደረጃ ላይ ይከዳቸዋል። የሜልበርን ሐኪሞች እንመርምርዎት ሲሏቸው «እነሱ ያዝኑልኛል፣ ፒፓ አታዝንልኝም» ብለው፣ ፊሊፓን በቁልምጫ ስሟ ጠርተው፣ እሷ ዘንድ መጡ። ይህን ምስጋና ነው ብሎ የሚቆጥረው እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

በሽታቸውንም ራሳቸው ወስነው ነበር የመጡት።

«ጡንቻ ነው» አሉ፣ እጃቸውን ከውሃው አውጥተው በፎጣ እያደረቁ። «ያ የሽማግሌዎቹ። ጣትና ጭን የሚበላው። ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። መድኃኒት የለውም፣ ግን አይቸኩልም። ሰውን አሥር አሥራ አምስት ዓመት እያንፏቀቀ ይዞት ይሄዳል። በምርኩዝ፣ ኋላም በተሽከርካሪ ወንበር፣ ግን ይዞት ይሄዳል። ነርቭ ከሆነ፣ በተለይ ጡንቻን የሚያዙት የነርቭ ሴሎች እየሞቱ ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ ነው። እጅ በወራት ውስጥ ይሞታል፤ ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሞላም ሰውየው መዋጥም መተንፈስም ያቆማል።

ሃርዊክ ደግሞ ዕድሜ የሚፈልጉት ለራሳቸው አልነበረም። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ባለቤታቸው ሞይራ ተቀምጠዋል። ሞይራ በጉብዝናቸው የዚሁ የነርቭ ክፍል ዋና ነርስ ነበሩ፤ ወጣት ሐኪሞች ከፕሮፌሰሩ ይልቅ እሳቸውን ነበር የሚፈሩት። ከአራት ዓመት ወዲህ ግን አእምሯቸው ጠዋት የተባለውን ለረፋድ አያቆይም። የሚያጥቧቸው፣ የሚያለብሷቸው፣ ጋዝ ምድጃውን የሚያጠፉላቸው ባላቸው ናቸው። ልጅ የላቸውም። ሞይራ በሽታቸውን ገና በቅጡ በሚያውቁበት ጊዜ ባላቸውን አስምለዋል፣ የአረጋውያን መኖሪያ እንዳያስገቧቸው።

«ከእሷ አንድ ቀን ብቻ ረዝሜ ልኑር» አሉ ሃርዊክ፣ አልጋው ላይ እየተጋደሙ። «ሌላ ምን ጠየቅኩ?»

ፊሊፓ የኤሌክትሪክ መልእክት የሚቀበሉትን ኤሌክትሮዶች እጃቸው ላይ ለጠፈች።

በስሜት ነርቮች ጀመረች። ጣታቸውን በትንሽ ኤሌክትሪክ ነካ ስታደርገው አንጓው ላይ የሚደርሰው መልእክት በስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። ያማረ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ከሚጠበቀውም በላይ። ቀጥላ የእንቅስቃሴ ነርቮቹን ፈተነች። አንጓው ላይ ንዝረት ስትሰጥ አውራ ጣታቸው ይዘላል፣ ስክሪኑ ላይም ጉብታ ይነሣል። ክርን ላይ ስትሰጥ ያው ጉብታ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት ለዚያች ለዘገየባት ጊዜ ሲካፈል የነርቩ ፍጥነት ይገኛል። ፍጥነቱ ደህና ነበር። ጉብታው ግን መንምኖ፣ የጤነኛውን ሩብ አያህልም።

ብብት ድረስ እየወጣች ደጋግማ ሰጠች። መንገድ ላይ መልእክቱ የሚታገድበት ቦታ እየፈለገች ነበር። እንዲህ ዓይነቱን መታገድ የሚያመጣ አንድ በሽታ አለ፣ የእንቅስቃሴ ነርቭን ብቻ የሚያጠቃ፣ ግን በመድኃኒት የሚታከም። ፊሊፓ ከልቧ ፈለገችው። ቀኝ ክንድ፣ ግራ ክንድ፣ እግር። የትም አልታገደም። የትም ብትነካ ያው ትንሽ ጉብታ ነው።

«ተይው» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው። «ለኔ የሚሆን መታገድ የለም። ምን ነገረሽ እስካሁን?»

እንደ ጥንቱ ፈተና ሊፈትኗት ነው። እሷም እንደ ጥንቱ መለሰች።

«የስሜት ነርቮቹ ደህና ናቸው። ሽቦው ፈጣን ነው፣ ልባሱም አልተላጠም። የጎደለው ከጡንቻው የሚመጣው ጉልበት ነው። ጡንቻው ራሱ ታሞም እንዲህ ይሆናል፣ ጡንቻውን የሚያዘው ሴል ሞቶም እንዲህ ይሆናል።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ መርፌ።»

«ጎበዝ። ድምፁን አትቀንሺው።»

እዚህ ላይ ፊሊፓ ቆመች። በዚያ ክፍል ደንብ ነው፤ መርፌው ጡንቻ ውስጥ ሲገባ ማሽኑ የጡንቻውን ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል፣ ሐኪሙ ከማየቱ ይልቅ ይሰማል። ሌላው በሽተኛ ድምፁን ቢሰማም ከተበላሸ ሬዲዮ አይለየውም። እኚህ ሰው ግን እያንዳንዱን ኮሽታ እንደ ገዛ ስማቸው ያውቁታል። ፍርዳቸውን ከዳኛው እኩል ሊሰሙ ነው።

«ብቀንሰው ይሻላል፣ ፕሮፌሰር።»

«ፒፓ፣ የራሴን ሥጋ ልሰማ እንጂ ያንቺን መቼ አልኩሽ? ጭንና ክንድ ውጊ፣ ከዚያ እንሂድ። ሞይራ ሲመሽ ትረበሻለች።»

«በሽተኛ የመረጠልኝን ጡንቻ ብቻ ወግቼ እንዳልመለስ ያስተማረኝ ማን ነበር?»

«አንድ ያረጀ አህያ ነበር» አሉ። ሁለቱም ፈገግ አሉ።

ቀጭኑን መርፌ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል፣ ሥጋው ተሰርቆ ጎድጓዳ በሆነው ቦታ አስገባች። እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ እንዲያሳርፉ ነገረቻቸው። ጤነኛ ጡንቻ ሲያርፍ ዝም ይላል። ይህ ግን አላረፈም፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ጠብ ጠብ ይላል።

«ይሄ አይለይም» አሉ ሃርዊክ ፈጥነው። «ነርቭ የከዳው ጡንቻም ያንጠባጥባል፣ ራሱ የተቃጠለ ጡንቻም ያንጠባጥባል።»

«አይለይም» አለች።

በካፊያው መካከል አልፎ አልፎ ኳ የሚል አንድ ደንዳና ድምፅ ይሰማል፤ በዚያችው ቅጽበት ቆዳው እንደ ዓይን ቆብ ይርገበገባል። ይህኛው ወደ ነርቭ ያዘነበለ ነው፤ ሽማግሌው ግን እንዳልሰሙ ሆኑ። እሷም ወደ ቀጣዩ አለፈች።

«አሁን ሌባ ጣትዎን ወደ ጎን ይግፉ። እኔን ተቃውመው።»

ነገሩ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሃርዊክ ተማሪዎቻቸውን በቀዛፊዎች ነበር የሚያስረዱት። በጡንቻ በሽታ ቀዛፊው ሁሉ ጀልባው ውስጥ አለ፣ ክንዱ ግን ቀጥኗል። ትንሽ ለመንቀሳቀስ እንኳ ሁሉም ገና ከጅምሩ ይጠራል፤ ድምፁ ቀጭን፣ አጭር፣ ብዙ፣ የገበያ ጫጫታ ነው። በነርቭ በሽታ ወንበሩ ባዶ ነው። የተረፉት ሴሎች የሞቱትን ጡንቻ ክሮች እንደ ወላጅ አልባ ልጅ ሰብስበው ያሳድጋሉ፣ ስለዚህ የያንዳንዳቸው ድምፅ ትልቅና ረጅም ይሆናል። ግን ጥቂት ናቸው። ኃይል ጨምር ሲባሉ የሚጠሩት ጓደኛ የለም፤ ያለው አንዱ መቅዘፊያውን እያጣደፈ ይሮጣል።

ሽማግሌው ጣታቸውን ገፉ። ከድምፅ ማጉያው አንድ ወፍራም ድምፅ ወጣ፤ ድም፣ ድም፣ ድም፣ እያለ ረጋ ብሎ ይመታል። ስክሪኑ ላይ ትልልቅ ምሰሶዎች ተራርቀው ቆሙ።

«ትልቅ ነው» አለች ፊሊፓ።

«የቆየ የጡንቻ በሽታም ትልልቅ ያሳያል። ያ የኔው በተለይ። ስንት ሰው በዚህ ተሸውዶ የጡንቻውን በሽተኛ ነርቭ ነው ብሎ ቀብሮታል። አንቺ ራስሽ ትምህርት ሰጥተሽበታል፣ እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጬ።»

እውነታቸውን ነው። ሰጥታለች፣ እሳቸውም ከፊት ወንበር ተቀምጠው እንደ ልማዳቸው አቋርጠዋታል። ለአፍታ ልቧ ወደሳቸው አዘነበለ። «ከጡንቻም ሊሆን ይችላል፣ ናሙና ይወሰድ» ብላ ብትጽፍ ማንም አይነቅፋትም። እኚህ ሰው ሚስታቸውን ይዘው ቤታቸው ይገባሉ፣ በተስፋ ጥቂት ወር ይኖራሉ። ምን ከፋ?

ድምፁ ግን ከነከናት። ድም፣ ድም፣ ድም። በጣም ረጋ ያለ ነው። እንዲህ ባዶ ሆኖ እንዲህ መረጋጋት ከየት ይመጣል? ጣቷን በጣታቸው ላይ ጫን አደረገችው። የተቃወማት ጉልበት ከሕፃን አይበልጥም፤ የክንዳቸው ጅማት ግን አልተወጠረም፣ ትንፋሻቸውም አልተያዘም። የሚታገል ሰው እንዲህ አይተኛም።

ያኔ ገባት። ሽማግሌው እየገፉ አይደለም። ከተኛ ጡንቻ ጥቂት ድምፅ ቢመጣ ከስንፍና ይሁን ከበሽታ አይታወቅም፤ ይህን ከዚህ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቡትን እውቀት የገዛ ምርመራቸውን ሊያጭበረብሩበት ይዘው መጥተዋል። ተናደደች። ወዲያው አዘነች፤ መናደዷም አሳፈራት።

«ፕሮፌሰር።»

«አቤት።»

«እየገፉ አይደለም።»

«ያለኝ ይሄው ነው።»

«አይደለም። ሰነፍ ይዘገያል፣ ብቸኛ ይሮጣል። ድምፁ እየሮጠ አይደለም። እያታለሉኝ ነው።»

ሃርዊክ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ጣራውን ነበር የሚያዩት።

«ብታልፊኝስ?» አሉ። ይህን ድምፅ ፊሊፓ ከእሳቸው ሰምታው አታውቅም። «አንድ ጊዜ ብታልፊኝ ምን ይልሻል?»

«አንድ ጠዋት ሲነሡ እጅዎ አይነሣም። ሞይራ ምድጃውን ለኩሰው ይረሱታል። ማን ያጠፋላቸዋል? ማን ስልክ ይደውላል? አሁን ካወቅን አሁን ሰው እንፈልጋለን። ሳናውቅ ከሆነ ሁለታችሁንም ሞታችሁ የሚያገኛችሁ ፖስተኛው ነው።»

«ጨካኝ ነሽ።»

«እንደማላዝንልዎት አውቀው ነው የመጡት።»

ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ስበው ያዙት። አንገታቸው ላይ ጅማት ተገተረ። ከዚያ ገፉ፤ የእውነት ገፉ። ወፍራሙ ድምፅ ፈጠነ። ፈጠነ፣ ሌላ ግን አልተቀላቀለውም። ከጎኑ የሚነሣ፣ ክፍተቱን የሚሞላ፣ ጓደኛ የሚሆነው አንድም አልመጣም። ያው አንዱ፣ ትልቁ፣ በባዶ ስክሪን ላይ ብቻውን እንደ ሞተር ብስክሌት እያጓራ ሮጠ። ጤነኛ እጅ ቢሆን ይህ ሁሉ ትግል ስክሪኑን ከጫፍ ጫፍ በድምፅ ይሞላው ነበር። የጡንቻ በሽታ ቢሆን ለዚህች ትንሽ ጉልበት ገበያው በሙሉ ይጮህ ነበር።

ሁለቱም እኩል ሰሙት። ሃርዊክ እጃቸውን ለቀቁ፤ ካፊያው ብቻ ተመለሰ።

«ሩጫውን ሰማሽው?» አሉ። «ምስኪን። ብቻውን።»

«ከአንገት የተቆነጠጠ ነርቭም እጅን እንዲህ ያደርጋል» አለች ፊሊፓ። «አንድ እጅ አይፈርድም።»

«አይፈርድም። ቀጥይ።»

ቀጠለች። የመረጧቸውን ክንድና ጭን ወጋች፤ ጀርባቸውን ከአከርካሪው ጎን ወጋች። ሽማግሌው ከእንግዲህ አላታለሉም። እንዲያውም ሳትጠይቃቸው ይገፉ ነበር። የትም ያው ነው፤ ሲያርፍ ካፊያ፣ ሲገፋ አንድ ሁለት ትልልቅ ድምፆች በባዶ ቦታ ላይ ሲሮጡ። በመጨረሻ ከአገጭ ሥር ወደ ምላሳቸው የሚወስደውን መርፌ አነሣች። እሳቸውም ራሳቸው አገጫቸውን ቀና አደረጉላት። ምላስን የአንገት አጥንት አይቆነጥጠውም። እዚያም ካፊያው ነበር።

ፊሊፓ ማሽኑን አጠፋችው። ሸሚዛቸውን አልብሳ ቁልፎቹን እየቆለፈች አለቀሰች፤ መደበቅም አልፈለገች።

«እንደማታዝኚልኝ ተስማምተን አልነበር?» አሉ።

«ዋሽቻለሁ።»

«ሰኞ ለዚያ የአረጋውያን መኖሪያ እደውላለሁ። በወንዙ ማዶ ላለው። አልጋ ካላቸው ለሞይራ።» የተቆለፈውን ሸሚዛቸውን ዳበስ አደረጉ። «አስምላኝ ነበር እኮ፣ ፒፓ።»

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ ግን ቤት ነው የምንሄደው።»

ክንዳቸውን ይዛ ወደ መጠበቂያው ክፍል አወጣቻቸው። ሞይራ ያልበሉትን የሥጋ ፓይ በወረቀቱ እንደተጠቀለለ ታቅፈው ተቀምጠዋል። አብራቸው ስትጠብቅ የነበረችው የምርመራ ክፍሉ ባለሙያ ሱጃታ ተነሥታ ቦታ ለቀቀች። ሞይራ ባላቸውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ዴዝ! የት ጠፋህ? ምን አለችህ ልጅቷ?»

ሃርዊክ ከጎናቸው ተቀመጡ። አምሳ ዓመት ዋሽተዋቸው አያውቁም።

«ነርቭ ነው፣ ሞይ።»

የሞይራ ፊት ተለወጠ። ጠዋት የበሉትን የማያስታውሱት ሴት ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ፊሊፓም የድሮዋን ዋና ነርስ አየች።

«ምላስህን ወጋችው?»

«ወጋችው።»

«እና?»

ሃርዊክ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሞይራ ፓይውን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው የባላቸውን የመነመነ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት። እንባቸው ያለ ድምፅ ወረደ።

«አይዞህ» አሉ። «እኔ አለሁልህ። ያን ሁሉ ሰው አስታምሜ አንተን ይከብደኛል? ቀጠን አድርጌ አበስልልሃለሁ፣ በማንኪያ በማንኪያ እመግብሃለሁ። ማንም ጋ አትሄድም፤ ከቤትህ አትወጣም። ሰማኸኝ?»

«ሰማሁሽ» አሉ ሃርዊክ።

ሱጃታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፊሊፓ ካፖርቶቹን አምጥታ ሁለቱንም አለበሰቻቸው፣ በቀስታ፣ እንደ ሕፃናት። በኮሪደሩ አልፈው ወደ መኪና ማቆሚያው በሚያወጣው በር ላይ ሲደርሱ ውጭ ይዘንብ ነበር። ሞይራ ዝናቡን ሲያዩ ቆሙ። ጉንጫቸው ላይ ያለውን እርጥበት በእጃቸው ጠረግ አድርገው፣ ከየት እንደመጣ ግር ብሏቸው፣ ጣቶቻቸውን ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ፤ ፊታቸው እንደገና በራ።

«ዴዝ! ምን አለችህ ልጅቷ?»

ሃርዊክ አፋቸውን ከፈቱ። እውነቱን ከነገሯቸው ሞይራ ያን እንባ ሁለተኛ ሊያወርዱት ነው። ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ በጠየቁ ቁጥር።

«ጡንቻ ነው» አሉ።

ሞይራ በጥርጣሬ አዩዋቸው። ወንድ በሽተኛ እንደሚዋሽ የሚያውቁት ጥንት ነው። ወደ ፊሊፓ ዞረው ትከሻዋን ያዙ።

«አንቺ ንገሪኝ። መርፌ የያዝሽው አንቺ ነሽ። እውነቱን ነው?»

ፊሊፓ ሽማግሌውን አላየቻቸውም።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «ጡንቻ ነው።»

«እሰይ!» አሉ ሞይራ፣ እጃቸውን እያጨበጨቡ። «ጡንቻ ከሆነ ጊዜ አለን። በል ና፣ ቤታችን እንሂድ።»

የባላቸውን ካፖርት ዚፕ እስከ አገጫቸው ሳቡላቸውና እጃቸውን ይዘው ወደ ዝናቡ አወጧቸው።